ከፍሎ በሙከራ ሥራ ሠራተኛ መምረጥ፦ ሲበላሽ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በሲቪና በቃለ መጠይቅ ብቻ መርጠን የቀጠርናቸው ሁለት የሂሳብ ሠራተኞች በተከታታይ ሳይሆኑልን ሲቀሩ ወደ ሙከራ ሥራ ገባን። ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን ሦስት ወይም አራት ሰዎች፣ ቢቀጠሩ ሁልጊዜ የሚሠሩትን አንድ ትንሽ ሥራ ከፍለን እናሠራቸዋለን፤ ከዚያ የሠሩትን አይተን እንመርጣለን። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ አፈጻጸሙ ላይ ግን ደጋግመን ተሳስተናል። ምሳሌዬ እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ የአንድ ወር የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ፣ ማለትም የድርጅቱን የገንዘብ መዝገብ ከባንክ ስቴትመንት ጋር ማመሳከር።

ምልክት፦ ጥሩዎቹ ዕጩዎች የሙከራ ሥራ አለ ሲባሉ ይጠፋሉ

መጀመሪያ የጠራነው «ሦስት ቀን መጥታችሁ ሥሩ፣ እናያችኋለን» ብለን ነበር፤ ክፍያ የለውም። ከአራቱ ሁለቱ ብቻ መጡ። የቀሩት ሌላ ቦታ በሥራ ላይ ያሉት፣ እኛም ይበልጥ የፈለግናቸው ነበሩ። አንዷ ስደውልላት በግልጽ ነገረችኝ፤ «ከሥራዬ ሦስት ቀን ቀርቼ በነጻ ልሥራላችሁ? ባልቀጠርስ?»

መልስ አልነበረኝም። በነጻ የሚሠራ ሙከራ የሚለየው ጎበዙን ሳይሆን፣ ያለ ደመወዝ መቆየት የሚችለውን ወይም አማራጭ ያጣውን ነው። ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት፣ ቅዳሜም የሚሠራ ሰው፣ ልጅ የሚጠብቅለት የሌለው ሁሉ ችሎታው ሳይታይ ከበር ይመለሳል።

መፍትሄው ሰዓቱን ማሳጠርና መክፈል ነው። የሰዓቱን ልክ ለማወቅ ሥራውን መጀመሪያ አሁን ያለው ሠራተኛ ይሥራው። እሱ በአንድ ሰዓት ከጨረሰ፣ መዝገባችንን የማያውቅ ሰው ሁለት ሰዓት ያስፈልገዋል። እሱን ራሱን ሁለት ሰዓት ከፈጀበት ሥራው ረዝሟልና ይቀነስ። እኛ በሦስት ሰዓት ገደብ ጸንተናል፤ ከዚያ በላይ የሠራ ቢኖር እንኳ ትርፍ ሰዓቱ ነጥብ አያስገኝለትም። ያለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ የሚችለው ያሸንፋል።

ክፍያውን የምናሰላው ከቦታው ደመወዝ ተነስተን ነው። ደመወዙ 20,800 ብር ቢሆን፣ በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ወሩ ወደ 208 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ አንዱ ሰዓት 100 ብር፣ ሦስቱ ሰዓት 300 ብር ነው። ይህ ዝቅተኛው ነው። ዕጩው ግን ለሦስት ሰዓት ሥራ ግማሽ ቀኑን ይሰጠናል፣ ትራንስፖርትም ያወጣል። ስለዚህ እጥፍ አድርገን 600 ብር እንከፍላለን፤ ለአራት ሰው 2,400 ብር መሆኑ ነው። የተሳሳተ ሰው ቀጥሮ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ማስታወቂያ ማውጣት ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ክፍያው ሦስት ነገር ማሟላት አለበት። ለሁሉም እኩል ይሁን። ሥራው ትክክል ሆነም አልሆነ ይከፈል። ውጤት ከመነገሩ በፊት፣ በዚያው ቀን በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባ። ዕጩው ገንዘቡን ሊጠይቅ እየደወለ የሚለማመጥ ከሆነ ከፈልን ማለት አይቻልም። የጠራነው ሰው ብዛትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሃያ ሰው ጠርቶ ለሃያውም መክፈል ስለማይቻል ሰው ወደ ነጻው ይመለሳል፤ ስለዚህ ሲቪውና አጭር የስልክ ንግግር ቀድመው ያጣሩ፣ ለሙከራው የሚጠሩት በእርግጥ ሊቀጠሩ የሚችሉት ብቻ ይሁኑ። ሰውየው በልባችን ተመርጦ ካለቀ ሌሎቹን ለይስሙላ መጥራት፣ ቢከፈላቸውም፣ ማታለል ነው።

ምልክት፦ ሁለት ፈታኞች አንድ ወረቀት አይተው ሁለት ሰው ይመርጣሉ

እኔ አንዱን፣ የሥራ ባልደረባዬ ሌላዋን መረጠ። ስንከራከር ቆይተን የተገነዘብነው፣ እሱ የወረቀቱን ንጽሕና፣ እኔ ደግሞ የመጨረሻዋን ቁጥር ስናይ እንደነበር ነው። መመዘኛው ቀድሞ አልተጻፈም። መመዘኛ በሌለበት ደግሞ የሚያመዝነው መተዋወቅ ነው፤ «የእገሌ እህት ናት፣ አደራ ተብያለሁ» የሚለው ድምፅ ይገባል።

አሁን የምንሰጠው ሥራ ይህን ይመስላል። በድርጅቱ መዝገብ የወሩ ቀሪ 186,400 ብር ነው፤ የባንኩ ስቴትመንት ግን 203,150 ብር ይላል። ዕጩው መዝገቡን፣ ስቴትመንቱንና የደረሰኞቹን ቅጂ ይዞ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ያሳያል።

በውስጡ አራት ነገር ተቀምጧል። 24,000 ብር የተጻፈበት ቼክ ተሰጥቷል፣ ባለቤቱ ግን ባንክ ሄዶ አልመነዘረውም። በወሩ የመጨረሻ ቀን የገባ 9,500 ብር ስቴትመንቱ ላይ ገና አልታየም። ስለዚህ ከባንኩ ቀሪ ቼኩን ቀንሰን ገቢውን ስንደምር 188,650 ብር ይሆናል። በእኛ በኩል ደግሞ ባንኩ የቆረጠው 450 ብር የአገልግሎት ክፍያ አልተመዘገበም፤ ደንበኛ የከፈለው 7,400 ብርም በስህተት 4,700 ተብሎ ተጽፏል። ከ186,400 ላይ 450 ቀንሰን 2,700 ስንጨምር እኛም 188,650 ላይ እንደርሳለን። ልምድ ያለው ሰው 2,700 ለ9 ሲካፈል ቀሪ እንደሌለው ያያል፤ ቁጥሮች ቦታ ሲለዋወጡ የሚመጣው ልዩነት ሁልጊዜ እንዲህ ነውና መገለባበጡን ቶሎ ይጠረጥራል።

አምስተኛው ነገር ቁጥሩን አይነካም። በመዝገቡም በባንኩም የተመዘገበ፣ ግን ደረሰኝ የሌለው የ12,000 ብር ወጪ አለ። ሂሳቡ ያለ እሱም ይታረቃል። ቢሆንም የሂሳብ ሠራተኛ ሊያየውና ሊጠይቅበት ይገባል። ይህ ወጥመድ ፍትሐዊ ነው ወይ ብለን ተነጋግረንበት ነበር። ፍትሐዊ የሚሆነው መመሪያው ላይ «የሚያጠራጥራችሁን ወይም ማብራሪያ የሚያስፈልገውን ለይታችሁ ጻፉ» ብለን በግልጽ ስንጽፍ ነው፤ ያን ካልጻፍን ሰውየው አልተጠየቀም ማለት ነው።

ነጥቡ ከ20 ነው። አራቱን ልዩነቶች አግኝቶ በትክክለኛው ወገን ማስቀመጥ 12፣ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ መለየት 4፣ ሌላ ሰው አንብቦ የሚከተለው አድርጎ መጻፍ 4። መመዘኛው ራሱ ለዕጩዎቹ ከሥራው ጋር ይሰጣል፤ ጽሑፍ ላይ ነጥብ እንዳለው ያላወቀ ሰው ስላልጻፈ መቀጣት የለበትም። ወረቀቶቹ ላይ ስም ይነሳና ቁጥር ይደረጋል። ሁለት ፈታኞች ለየብቻ ያርማሉ፣ የሌላው ነጥብ ሳይታይ። ልዩነታቸው ከ3 ነጥብ ከበለጠ ተቀምጠው መስመር በመስመር ያዩታል።

ስም ካነሳን በኋላ ያገኘነው አሁንም ከልቤ አልወጣም። አንድ ዕጩ የመጨረሻዋን ቁጥር በትክክል አስቀምጦ ነበር፤ ነገር ግን መገለባበጡን አላገኘውም፣ «ልዩ ልዩ ማስተካከያ 2,700» ብሎ ዘግቶታል። ሌላዋ መገለባበጡን አገኘች፣ ቼኩን ግን በተሳሳተው ወገን ቀነሰችና ሂሳቡ አልታረቀላትም። አላስታረቅሁም ብላ ጻፈች፣ የት ላይ እንደቆመችም አሳየች፣ ስለ 12,000 ብሩም ጠየቀች። እሷ 15 አገኘች፣ እሱ 11። በስም ቢሆን ኖሮ እሱን እንመርጥ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ አንደበቱ የሚማርክ ሰው ነበር።

ምልክት፦ «የሠራሁትን ወስዳችሁ ተጠቀማችሁበት» የሚል ቅሬታ

አንድ ጊዜ ያላለቀ የወር ሂሳብ ነበረንና «ይህን ይሥሩት፣ እግረ መንገዱንም ያልቅልናል» ብለን ሰጠን። ያልተቀጠረው ልጅ ከወር በኋላ ደውሎ እውነት መሆኑን ጠየቀኝ። እውነት ነበር። 600 ብሩ ለመታየት የተከፈለ እንጂ ለሥራው ዋጋ አልነበረም።

መንስኤው የሚፈለግን ሥራ ለሙከራ መስጠት ነው። ከፍትሕ ጉድለቱ ሌላ መዘዝም አለው፤ የደንበኞቻችን ስምና የሂሳብ ቁጥር ገና ባልቀጠርነው ሰው እጅ ገባ። አሁን የተዘጋ፣ ያለፈ ዓመት ወር እንወስዳለን፤ ስሞቹን እንለውጣለን፣ ቁጥሮቹንም እንነካካለን። መልሱን አስቀድመን ስለምናውቅ ለማረምም ይቀላል። መጥሪያው ላይም «ይህ ሥራ ለምዘና ብቻ ነው፣ ድርጅቱ አይጠቀምበትም» ብለን እንጽፋለን። እንደ ግራፊክስ ወይም ትርጉም ባለ ሙያ የአንዱ ዕጩ ሥራ ተወዶ መጠቀም ቢፈለግ፣ በገበያ ዋጋ በጽሑፍ ተዋውሎ እንደገና መክፈል ነው፤ ዕጩው ባይቀጠርም።

ምልክት፦ በሙከራው የበለጠው በሥራው ደከመ

እዚህ ላይ ከሙከራ ሥራ የሚጠበቀውን ማስተካከል ያስፈልጋል። ተመራማሪዎቹ ሽሚትና ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለው የሥራ ናሙና ፈተና ከወደፊት የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና፣ 1 ፍጹም ዝምድና በሆነበት መለኪያ፣ 0.54 ተብሎ ከሁሉም በላይ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን ሲከልሱት 0.33 አደረጉት፤ ለሁሉም ዕጩ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ነጥብ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ 0.42 ሆኖ በለጠው። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ብቻውን የሚበቃ ግን የለም።

የሦስት ሰዓት ሥራ ሰውየው ማስታረቅ መቻሉን ያሳያል። በወር መጨረሻ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠራው እንዴት እንደሚሆን፣ ከአለቃው ስህተት ሲያገኝ ምን እንደሚል አያሳይም። ስለዚህ ከሙከራው ቀጥሎ 20 ደቂቃ ስለ ሠሩት ሥራ እናነጋግራቸዋለን፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ። «ይህን ለምን እዚህ አስቀመጥከው?» የሚለው ሥራውን ሌላ ሰው ሠርቶለት እንደሆነም ይለያል።

ቀሪው የሙከራ ጊዜ ድርሻ ነው። ስሙ ስለሚመሳሰል አንዳንድ አሠሪ የሙከራ ሥራን ከሙከራ ጊዜ ጋር ይደባልቀዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከቅጥር በኋላ ነው፤ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም፣ ሠራተኛውም ደመወዙን እያገኘ ነው። «ለሁለት ሳምንት እንይህ» ብሎ ያለ ውል ማሠራት የሙከራ ሥራ አይደለም፤ ያለ ውል መቅጠር ነው።

ምልክት፦ አንዱ ዕጩ ሳይጨርስ ተመለሰ

ብዙ ጊዜ መንስኤው ከችሎታ ውጭ ነው። መብራት ጠፋ፣ ላፕቶፕ የለውም፣ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ሥራው ቢሮ ውስጥ በእኛ ኮምፒውተር ወይም በወረቀት እንዲሠራ ምርጫ ይሰጠው፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ይቁም። በሥራ ላይ ላሉት ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ይመቻችላቸው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው ተጨማሪ ሰዓት ሲጠይቅ ሰጥተን፣ ክፍያውን በዚያው ልክ እንጨምራለን። መመሪያው አማርኛ ይሁን እንግሊዝኛ የሚወስነው ደግሞ ሥራው ራሱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሠራ ነው።

ውጤቱን በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለሁሉም እንነግራለን። ላልተመረጡት እደውላለሁ፤ ነጥባቸውን፣ ያገኙትንና ያመለጣቸውን እነግራቸዋለሁ። ያ «ልዩ ልዩ ማስተካከያ» ብሎ የዘጋው ልጅ መጀመሪያ ተከራከረኝ። 2,700ን ለ9 አካፍለው ስለው ዝም አለ፤ ከዚያ የመዝገቡን መስመር ቁጥር ጠየቀኝና እዚያው ስልክ ላይ አገኘው።