የአይኤልትስ የአቋም ድርሰት፦ 40 ደቂቃውን እንዴት እንከፋፍለው?

የአይኤልትስ የጽሑፍ ፈተና 60 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ጥያቄ አለው። ድርሰቱ የሚመጣው ታስክ ቱ ላይ ሲሆን ነጥቡ የታስክ ዋንን እጥፍ ይመዝናል። ስለዚህ 40 ደቂቃ ለእሱ ይመደባል። በታስክ ዋን ጀምሩ ብሎ የሚያስገድድ ሕግ የለም። እኔ ብሆን ጭንቅላቴ ትኩስ እያለ ድርሰቱን አስቀድም ነበር። ታስክ ዋን ላይ የሰንጠረዡን መግለጫ ሲያሳምር ቆይቶ ድርሰቱን በ25 ደቂቃ ለመጨረስ የሚሯሯጥ ሰው ብዙ ነው።

እዚህ የምናየው «በዚህ ሐሳብ ምን ያህል ትስማማላችሁ ወይም ትቃወማላችሁ?» የሚለውን ዓይነት ጥያቄ ነው። አንድ ጥያቄ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ፦ «የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪን ተማሪው ራሱ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ምን ያህል ትስማማላችሁ?»

የመጀመሪያው 7 ደቂቃ፦ ድርሰቱን አትጀምሩ

ጥያቄውን ሁለቴ አንብቡና ክርክሩ ያለበትን ቃል ፈልጉ። እዚህ ላይ «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ነው። ይህን ቃል የዘለለ ሰው «ትምህርት ለአገር እድገት ይጠቅማል» እያለ ሁለት ገጽ ይሞላል። እንግሊዝኛው ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ ግን የተጠየቀውን አልመለሰም። ከአራቱ የማረሚያ መስፈርቶች የመጀመሪያው ለጥያቄው የተሰጠው ምላሽ ስለሆነ ነጥቡ እዚያው ይወርዳል። «ሁልጊዜ»፣ «ብቸኛው መንገድ»፣ «ሁሉም ሰው» የሚሉ ቃላት ሲመጡም እንደዚሁ ንቁ።

ቀጥሎ አቋማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቁረጡ። ለምሳሌ፦ «አልስማማም፤ ተማሪው የተወሰነውን ይክፈል፣ ሙሉውን ግን አይደለም።» ፈታኙ የሚመዝነው በየትኛው ወገን እንደቆማችሁ አይደለም። አቋማችሁ ግልጽ መሆኑንና እስከ መጨረሻው አለመዋዠቁን ነው የሚያየው። ስለዚህ ከልባችሁ የምታምኑበትን ሳይሆን በእንግሊዝኛ ልታስረዱት የምትችሉትን ወገን ምረጡ። በአማርኛ የሚያምር ምክንያት እንግሊዝኛው ከሌላችሁ ፈተና ላይ አይጠቅማችሁም።

በከፊል መስማማትም ይቻላል። ግን የቱን እንደምትቀበሉና የቱን እንደማትቀበሉ ለይታችሁ ተናገሩ። «ጥሩም መጥፎም ጎን አለው» ብሎ ማለፍ አቋም አይባልም። ትምህርት ቤት «የቴክኖሎጂ ጥቅምና ጉዳት» እየጻፍን ስላደግን እጃችን ወደዚያ ያደላል፤ ያዙት።

ከዚያ ሁለት ምክንያት በማስታወሻ ወረቀቱ ላይ ጫሩ። ለኛ ጥያቄ፦ አንደኛ፣ ጎበዝ ሆነው አቅም የሌላቸው ተማሪዎች ከበር ይመለሳሉ። ሁለተኛ፣ ከተመረቀው ሐኪም ወይም መምህር የሚጠቀመው ኅብረተሰቡም ስለሆነ ወጪውን መጋራት አለበት። ሁለት በቂ ነው። ሦስትና አራት ምክንያት የሚደረድር ሰው አንዱንም ሳያብራራ ሰዓቱ ያልቅበታል።

መግቢያ፦ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ 4 ደቂቃ

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የጥያቄውን ሐሳብ በራሳችሁ ቃል ያስቀምጣል። ሁለተኛው አቋማችሁንና ሁለቱን ምክንያቶች ይናገራል። በቃ። ከ40 እስከ 45 ቃል ይበቃል። «በአሁኑ ዘመናዊ ዓለማችን» ብሎ የሚጀምር፣ ለማንኛውም ርዕስ የሚሆን የተሸመደደ መግቢያ ይቅርባችሁ። ፈታኞች በደንብ ያውቁታል፤ የሸመደዳችሁት ቋንቋም እንደ ራሳችሁ ችሎታ አይታይላችሁም።

ሁለቱ የአካል አንቀጾች፦ 20 ደቂቃ

የድርሰቱ ክብደት ያለው እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ አንቀጽ 10 ደቂቃና ወደ 90 ቃል ስጡ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እንሥራው። ፈተናው ላይ በእንግሊዝኛ እንደምትጽፉት ሳትረሱ አካሄዱን ብቻ ተመልከቱ፦

«ሙሉ ክፍያ በዋነኝነት የሚጎዳው አቅም የሌላቸውን ተማሪዎች ነው። የአንድ ዓመት ክፍያ የቤተሰቡን የዓመት ገቢ የሚበልጥ ከሆነ ወላጅ ልጁ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሊያስተምረው አይችልም። ለምሳሌ አንድ የገበሬ ልጅ በብሔራዊ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ቢያመጣም ክፍያው ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ ቦታውን ገንዘብ ያለው ግን ውጤቱ ያነሰ ተማሪ ይይዘዋል። በዚህ መንገድ ዩኒቨርሲቲው የሚመርጠው በችሎታ ሳይሆን በኪስ ይሆናል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነጥቡን ይናገራል። ሁለተኛው «ለምን?» ለሚል አንባቢ ይመልሳል። ሦስተኛው በአንድ ሰው ሁኔታ ያሳያል። አራተኛው ወደ ጥያቄው ይመልሰናል። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ሁለተኛውን ነው። ነጥቡን ይጥልና ወዲያው «ለምሳሌ» ይላል። አንቀጹ የላላ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኋላ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ አንቀጹ ውስጥ ከሌለ አልተብራራም ማለት ነው።

በሁለተኛው አንቀጽ «የተወሰነውን ይክፈል» ያልነውን እናስገባለን። እዚህ የኢትዮጵያ የወጪ መጋራት አሠራር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከወጪያቸው የተወሰነውን ከተመረቁ በኋላ እንዲከፍሉ ይደረጋል፤ ቀሪውን መንግሥት ይሸፍናል። የምታውቁት እውነተኛ ነገር ካለ ተጠቀሙበት። «በአንድ ጥናት መሠረት 87 በመቶ» ብሎ ቁጥር መፈልሰፍ ግን አያስፈልግም፤ ፈተናው ከራሳችሁ እውቀትና ልምድ ምሳሌ እንድታመጡ ነው የሚጠይቀው።

መደምደሚያ፦ 4 ደቂቃ

አቋሙ በሌላ ቃል ይደገማል፤ ሁለቱ ምክንያቶች በአጭሩ ይነሳሉ። አዲስ ሐሳብ አይገባም። እዚህ ደርሶ «ይሁን እንጂ ሙሉ ክፍያም ጥሩ ነው» የሚል ሰው አለ፤ የገነባውን በገዛ እጁ ያፈርሳል።

ሰዓቱን ስታዩ 8 ደቂቃ ብቻ ቀርቶ ሁለተኛው አንቀጽ መሃል ላይ ከሆናችሁ፣ የያዛችሁትን ዓረፍተ ነገር ዝጉና ወደ መደምደሚያው እለፉ። መጨረሻ የሌለው ድርሰት አጠር ካለ አንቀጽ የባሰ ያስከፍላል።

የመጨረሻው 5 ደቂቃ

በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነ የቃላቱ ብዛት ስክሪኑ ላይ ይታያል። በወረቀት ከሆነ አንድ መስመር ላይ ስንት ቃል እንደምትጽፉ ቀድማችሁ ቤት ውስጥ እወቁና በመስመር ብዛት አባዙት። ከ250 በታች አትውረዱ፤ ከ260 እስከ 290 ምቹ ነው። ከዚያ በላይ ማስረዘም ስህተት ከማብዛት ውጪ ብዙም አይጨምርም።

ሁሉንም ነገር ለማረም አትሞክሩ። አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከልባቸውን ሦስት ነገሮች ብቻ እያሰሳችሁ አንብቡ፦ ከስም በፊት የሚገቡት «ዘ» እና «ኤ»፤ ባለቤቱ ነጠላ ሦስተኛ መደብ ሲሆን ግሡ ላይ የምትቀረዋ «ኤስ»፤ እና በኮማ ብቻ እየተቀጣጠለ ሦስት መስመር የሚሄድ ዓረፍተ ነገር። ሦስተኛውን ስታገኙ መሃሉ ላይ ነጥብ አድርጉና ለሁለት ክፈሉት።