የጨረር ባጅ ላይ የማያቸው ስህተቶች፦ ክሪስታሏ የምታስታውሰውና የማታስታውሰው

ድሬዳዋ ውስጥ በምሠራበት ራጂ ክፍል ሠራተኞቹ የተቀበሉትን ጨረር የሚመዘግበውን ባጅ በየሦስት ወሩ ሰብስቤ ለንባብ ወደ አዲስ አበባ የምልከው እኔ ነኝ። ውጤቱ በተመለሰ ቁጥር ያው ስህተት ስለሚገጥመኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ባጇ ከጨረር እንደማትከልል፣ ለጓደኛ እንደማትዋስ፣ አንዷን ብቻ የያዘ ሰው ከእርሳሱ ሽርጥ ሥር ደረቱ ላይ እንደሚያደርጋት ታውቃላችሁ፤ እሱን አልደግመውም።

በመጀመሪያ ባጇ ውስጥ ያለውን ነገር እንወቅ። ከጥፍር የማትበልጥ የሊትየም ፍሎራይድ ክሪስታል ቁራጭ ናት፤ ጥቂት ማግኒዝየምና ታይታኒየም ገብቶባታል። ሌላ ማዕድን የሚጠቀሙ ባጆችም አሉ፣ እኔ የማወራው ስለዚህችኛዋ ነው። ጨረር ሲያገኛት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ተፈናቅለው በማግኒዝየሙ ምክንያት የተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ ይወድቁና እዚያው ይቀራሉ። የድሬዳዋን የደቻቱ ወንዝ አስቡት። ጎርፉ ካለፈ በኋላ አሸዋው ላይ ውኃ ያቆሩ ጉድጓዶች ይቀራሉ፤ ጥልቀታቸው ግን አንድ አይደለም። ጥልቀት የሌለው በማግስቱ ፀሐይ ይደርቃል፣ ጥልቁ ይሰነብታል። ክሪስታሏም እንዲሁ ናት።

ማንበብ ማለት እያሞቁ ጉድጓዶቹን ባዶ ማድረግ ነው። ማሽኑ ቁራጯን በግማሽ ደቂቃ ገደማ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ያደርሳታል። ሙቀቱ ያወጣው ኤሌክትሮን ታይታኒየሙ ዘንድ ክፍት ቦታውን ያገኝና ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ ያንን ብርሃን ፎቶመልቲፕላየር ቱቦ ይለካዋል። ብርሃኑ በበዛ መጠን የተቀበላችሁት ጨረር በዝቷል ማለት ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ብርሃኑ እንዴት ከፍና ዝቅ እንዳለ የሚያሳየውን መስመር ግሎው ከርቭ እንለዋለን። በግራ በኩል፣ ከ170 ዲግሪ ወዲህ፣ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ትናንሽ ጉብታ ይሠራሉ፤ ከ200 ዲግሪ ከፍ ብሎ ትልቁ ጉብታ ይመጣል። የጨረሩ መጠን በዋናነት የሚወሰደው ከትልቁ ነው።

አሁን ወደ ስህተቶቹ ልግባ፤ መጀመሪያ የመኪናው። አንድ ግንቦት ላይ ወጣት ባልደረባችን ባጁን ማታ ማታ ጋውኑ ላይ ከመተው ብሎ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። ቅዳሜና እሑድም እዚያው ትውላለች። የድሬን ግንቦት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ ሲውል ዳሽቦርዱ 70 ዲግሪ ቢደርስ አይደንቅም። ለሥልጠና ንባብ ክፍሉ ውስጥ በነበርኩበት ጊዜ የእሱን ከርቭ ከተረኛ ጓደኛው ጋር ጎን ለጎን አየሁት። የጓደኛው በግራ በኩል ትከሻ አለው። የእሱ ግራው ተላጭቷል፤ ትልቁ ጉብታ ብቻውን ቆሟል። ስነግረው ደነገጠ። «አቦ ጋሼ፣ ሙሉውን አጠፋሁት በለኛ!»

አላጠፋውም። በ70 ዲግሪ 170 አካባቢ የሚታየው ጉብታ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እየጎደለ ይሄዳል፤ ትልቁ ግን በዚህ ሙቀት አይነቃነቅም። ብዙ ማንበቢያዎች እንዲያውም መጀመሪያ ለስለስ ባለ ሙቀት አሙቀው ያንን ትከሻ ከሁሉም ባጅ ላይ ሆን ብለው ያስወግዳሉ፣ ምክንያቱም መኪና ውስጥ ባትውልም በየቀኑ በራሱ የሚተን ነው። ከርቩ ጠቅላላ ተደምሮ የሚነበብ ከሆነ ግን የዚህ ልጅ መጠን ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል። እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ሌላው ነው። ባጇ መኪና ውስጥ ስለምታድር ጠዋት ጠዋት እየረሳት ይገባ ነበር። ያለ ባጅ የሠራባቸውን ቀናት የሚያሳይ ከርቭ የለም።

ባጇን ከፍቶ ውስጡን በጣት መንካትም አለ። ላብ፣ ቅባትና አቧራ ማሽኑ ውስጥ ሲሞቅ የራሱን ብርሃን ይሰጣል፤ ያልተቀበላችሁትን ጨረር ይጽፍባችኋል። ማሽኑ ናይትሮጅን የሚነፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ ኦክስጅኑ ተገፍቶ ወጥቶ የሐሰት ብርሃኑ እንዲቀንስ። ከርቩ ላይ ይታወቃል፤ ትልቁ ጉብታ ካለፈ በኋላ መውረድ ሲገባው ሽቅብ ይወጣል።

«ይደገምልኝ» የምትሉም አላችሁ። አይደገምም። አንዴ ከሞቀች ባዶ ናት፤ የሚቀረው ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው ከርቭ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ከርቩ ላይ ፈጽሞ የማይታየው ስህተት ነው፤ እሱን የሠራሁት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ። ከባጆቹ ጋር አንድ ኮንትሮል ባጅ ይመጣል። ማንም አይለብሳትም፤ ከአፈር፣ ከግድግዳና ከሰማይ የሚመጣውን የተፈጥሮ ጨረርና በጉዞ ላይ የሚያገኛትን ስትመዘግብ ትቆያለች። በኋላ የእሷ ንባብ ከሁሉም ሰው ላይ ይቀነሳል። እኔ እንዳትጠፋ ብዬ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት። መሳቢያው ያለው ግን የደረት ራጂ ማንሻው ከተተከለበት ግድግዳ ጀርባ ነው፤ የራጂው ቱቦ ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ግድግዳ ነው የሚተኩሰው።

ስሌቱን ተመልከቱት። በደህናው ጊዜ የኛ ኮንትሮል በሦስት ወር 0.25 ሚሊሲቨርት ገደማ ታነብ ነበር። መሳቢያው ውስጥ ስትከርም 0.85 ሆነች። አንዲት ባልደረባዬ ባጇ 1.00 አነበበ። ከ1.00 ላይ 0.25 ተቀንሶ 0.75 ሊጻፍላት ሲገባ 0.85 ተቀነሰና 0.15 ተጻፈላት። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ቢቀጥል ኖሮ 3.0 የሆነው 0.6 ተብሎ ይቀመጥ ነበር። ለሠራተኛ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ስለሚፈቀድ ከገደቡ አልደረሰችም። ግን መዝገቡ የእሷ ነው፤ ነፍሰ ጡር ብትሆን ወይም ሥራ ብትቀይር ይዛው የምትሄደው ያንን ቁጥር ነው፣ እኔ ደግሞ ያሳነስኩት ኮንትሮሏ እንዳትጠፋ ብዬ ነው። ከእሷ ያነሰ የተቀበሉት ሦስቱ ባልደረቦቼ ዜሮ ተጻፈላቸው፤ እኛም «ጨረር አይደርስብንም» ብለን ደስ ብሎን ነበር።

የሁሉም ባጅ ከርቭ ንጹሕ ነበር፣ የኮንትሮሏም ጭምር። ክሪስታሏ ስንት እንደደረሰባት እንጂ የት ሆና እንደደረሰባት አታውቅም። በራጂ ክፍሉ ማንጠልጠያ ላይ ጋውን ለብሳ የምታድር ባጅም እንዲሁ ናት፤ የሰውየውን ሳይሆን የክፍሉን ጨረር ትጽፋለች። ያወቅሁት የበሽተኛው ብዛት እንዳለ ሆኖ የሁሉም ሰው ቁጥር ባንዴ ሲወርድ የኮንትሮሏን ያለፉ ንባቦች አውጥቼ በተርታ ስደረድራቸው ነው። እናንተም የኮንትሮሏን ቁጥር በየሦስት ወሩ ለብቻ መዝግቡት፤ ያለ ምክንያት ከዘለለ የሰዎቹን ውጤት ከመፈረማችሁ በፊት ያደረችበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩ።

እኔ ባጆቹን ለሚያነቡት ባለሙያዎች ደብዳቤ ጽፌ የዚያ ሦስት ወር መጠን በ0.25 እንደገና እንዲሰላ፣ ግምት መሆኑም አጠገቡ እንዲጻፍበት ጠየቅሁ። ኮንትሮሏ አሁን ከራጂው ራቅ ብሎ ካለው ካርድ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ፀሐይ በማይደርስበት በኩል ተሰቅላለች። በሚቀጥለው ዙር 0.24 አነበበች።