የጥቅማ ጥቅም መግለጫችንን እንዴት አስተካከልኩት

የሠራተኞቻችንን ዓመታዊ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም መግለጫ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በወር 30,000 ብር የሚከፈላት ባልደረባችን ወረቀቱን ይዛ መጣች። «839,600 ብር ይላል፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ነው ያለው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ትልቁ ስሕተት ኢንሹራንሱ ላይ ነበር። የሕክምና ሽፋኑን ጣሪያ፣ 200,000 ብር፣ ደምሬዋለሁ፤ ድርጅቱ ለእርሷ የሚከፍለው ዓረቦን ግን 14,000 ብር ነው። ጣሪያው ብትታመም የሚጠብቃት ከለላ እንጂ ገቢዋ አይደለም፤ ከድምሩ አውጥቼ በማብራሪያ አሰፈርኩት። ከሥልጠናም የተመደበውን 40,000 ትቼ በደረሰኝ የተረጋገጠውን 12,000 ወሰድኩ።

የአሠሪው የጡረታ መዋጮ፣ ከደመወዟ 11 በመቶ፣ በዓመት 39,600 ብር፣ ትክክል ነበር። የእርሷ 7 በመቶ ከደመወዟ የሚቆረጥ ስለሆነ ድጋሚ አይደመርም።

ብዙ ያሳሰበኝ አክሲዮኑ ነው። እያንዳንዱ 500 ብር የሚገመት 400 አክሲዮን ቃል ተገብቶላታል፤ በስሟ የሚዞረው ግን በየዓመቱ 100 ብቻ ነው። ስለዚህ 200,000 የነበረው ወደ 50,000 ወረደ። ይህም ገዢ እስኪገኝ ድረስ ጥሬ ገንዘብ ስለማይሆን ከድምሩ በታች ለብቻው አስቀመጥኩት፤ ዋጋው የተሰላበትን ቀንም ጻፍኩበት።

360,000 ብር ደመወዟን ጨምሮ አዲሱ ድምር 425,600 ብር ሆነ። እያንዳንዱን መሥመር ከደመወዝ ወረቀቷ፣ ከዓረቦን ደረሰኙና ከአክሲዮን ውሏ ጋር አብረን አመሳከርን፤ አንድም ልዩነት አልተገኘም።