አዳማ ላይ ለምታስገነቡ፦ «ታክስ ተቀንሷል» የሚል ማረጋገጫ አትቀበሉ

ብዙ ሰው ከአገር ቤት የሚደርሰው የክፍያ ማረጋገጫ በቴሌግራም የተላከ አንድ መስመር ነው፦ «ለኮንትራክተሩ 3ኛው ክፍያ ተፈጽሟል፣ 1,344,000 ብር፣ ታክስ ተቀንሷል።» የላካችሁት ግን 1,380,000 ነበር። 36,000 ብር የት እንደገባ ከዚህ መልእክት ማወቅ አይቻልም። ግብር ቢሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ወኪላችሁ እጅ ላይ ቀርቶም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም መልእክታቸው አንድ ነው።

ሒሳቡ ራሱ ቀላል ነው። ኮንትራክተሩ የሠራው ሥራ በአማካሪው መሐንዲስ ጸድቆ 1,200,000 ብር ሆነ እንበል። 15 በመቶ ቫት 180,000 ይጨመርበታል፤ ጠቅላላው 1,380,000 ይመጣል። ከፋዩ ከኮንትራክተሩ ክፍያ ላይ ቀንሶ ለግብር ቢሮ የሚያስገባው ግብር፣ ማለትም ዊዝሆልዲንጉ፣ የሚሰላው ቫት ሳይጨመር ካለው 1,200,000 ላይ ነው። ቀድሞ 2 በመቶ የነበረው በ2017ቱ ማሻሻያ 3 በመቶ ስለሆነ 36,000 ብር ይቀነሳል፤ ኮንትራክተሩ እጅ የሚገባው የተጣራ 1,344,000 ነው። አንዳንድ ሒሳብ ያዥ ቫት ከተጨመረበት ጠቅላላ ላይ ያሰላና 41,400 ይቆርጣል። 5,400 ብር ያለአግባብ ሲቆረጥበት ኮንትራክተሩ ያኮርፋል፤ ሥራው ሲጓተትም ምክንያቱን ሳታውቁት ትቀራላችሁ።

ስለዚህ ወኪላችሁ በእያንዳንዱ ክፍያ ይህን ሞልቶ፣ ፈርሞ ይላክ፦

የክፍያ ቁጥር፦ 3
የሥራው ዋጋ (ያለ ቫት)፦ 1,200,000
ቫት 15 በመቶ፦ 180,000
ጠቅላላ፦ 1,380,000
የተቀነሰ ዊዝሆልዲንግ፣ ከ1,200,000 ላይ 3 በመቶ፦ 36,000
ለኮንትራክተሩ የተከፈለ የተጣራ፦ 1,344,000
የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ቁጥር፦
የባንክ ማስተላለፊያ ቁጥርና ቀን፦

«ከ1,200,000 ላይ» የሚለው ሐረግ እንዳይቀር፤ ስሌቱ መስመሩን ያየ ሁሉ ሊያጣራው የሚችለው በሱ ነው። ለጥራት ዋስትና የሚያዝ ገንዘብ ካለ በራሱ መስመር ይግባ። «ልዩ ልዩ ተቀናሽ» ተብሎ ከግብሩ ጋር ከተደባለቀ፣ መያዣው የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ስንት እንደተያዘ ሁለቱም ወገን የየራሱን ይናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በመጀመሪያ የመቀነስ ግዴታ ያለበት ማን እንደሆነ ለዩ። የሚከራይ ሕንፃ በፒኤልሲ ስም የምትሠሩ ከሆነ ድርጅቱ ቀንሶ ገቢ የማድረግ ግዴታ አለበት። ደንበላ ላይ የራሱን መኖሪያ ቤት በግል ስሙ የሚያሠራ ሰው ግን ይህ ግዴታ የለበትም። እንዲህ ላለው ሰው «ታክስ ቀንሻለሁ» ከተባለ ገንዘቡ የት እንደገባ ወዲያው ይጠየቅ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ውክልና የያዘው የአጎት ልጅ ከባንክ የሚያወጣው፣ ለኮንትራክተሩ የሚከፍለው፣ የተቀነሰውን ይዞ የሚቆየውና ማረጋገጫውን የሚጽፈው እሱ ብቻ ከሆነ፣ ሌባ ባይሆንም አደጋው አለ። የተቀነሰው ገቢ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ በሚቀጥለው ወር ነው። በመሃል ሲሚንቶ ይወደዳል፣ የቀን ሠራተኛ ደሞዝ ይደርሳል፣ ቤተሰብ ውስጥ ሰው ይታመማል፤ «ነገ እተካዋለሁ» ተብሎ 36,000ው ይነካል። በአምስተኛው ክፍያ ላይ ያልገባው ግብር መቶ ሺህ ያልፋል። ቅጣትና ወለድ ሲመጣ የሚጠየቀው እናንተ ያቋቋማችሁት ድርጅት ነው። የአጎት ልጃችሁ ስም በማስጠንቀቂያው ላይ አይወጣም።

መድኃኒቱ ሥራውን መለያየት ነው። የተጣራው በቀጥታ ከድርጅቱ ሒሳብ ወደ ኮንትራክተሩ ድርጅት ሒሳብ ይተላለፍ፤ በግል ስም ወደተከፈተ ሒሳብ አይሁን። የተቀነሰውን ወኪሉ በጥሬው አያውጣው። ግብሩን ገቢ የሚያደርገው ሒሳብ ባለሙያው ይሁን፤ ማስረጃውንም ለወኪሉም ለእናንተም በአንድ ጊዜ ይላክ። ሒሳብ ባለሙያው ደግሞ ወኪሉ የመረጠው ጓደኛው አይሁን።

የማይዋሽ ሦስተኛ ምስክርም አለ፦ ኮንትራክተሩ ራሱ። የተቀነሰበት 3 በመቶ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፍለው ግብር ላይ ስለሚታሰብለት ደረሰኙን አጥብቆ ይፈልገዋል። በየክፍያው ወደሱ ደውላችሁ ስንት እንደገባለትና የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ እንደደረሰው ጠይቁ፣ ፎቶውንም ተቀበሉ። «እሱ እኮ ደረሰኝ ሰጥቶኝ አያውቅም» ካለ ቀጣዩን ክፍያ አትልቀቁ። ደረሰኝ መኖሩ ብቻ ግን ገንዘቡ ገቢ መደረጉን አያሳይም፤ ደረሰኙን የሚቆርጠው የእናንተው ድርጅት ነውና የወሩን የገቢ ማስረጃ ለይታችሁ ጠይቁ። አዳማ ላይ ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ቋንቋውን የማታነቡ ከሆነ ከወኪሉ ሌላ በሚያነብ ሰው አስነብቡት።

ወኪሉ በዕድሜ የሚበልጣችሁ ሲሆን መጠየቅ ይከብዳል። ሕጉን ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ማውጣት ይቀልላል፦ «ጋሼ፣ ለሒሳብ ባለሙያው በየክፍያው ይህችን ቅጽ ማቅረብ አለብኝ፤ እየሞሉ ይላኩልኝ።» በመካከል ከተጀመረ ጥርጣሬ ይመስላል፤ ቢሆንም ቅጹ የጎደለበት ክፍያ ካለ እስኪሟላ ቀጣዩን ያዙት።