የምርት የሕይወት ዑደት ጥያቄ ፈተና ላይ ሲመጣ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄው ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ምርት አጭር ታሪክ ይሰጣችሁና “የትኛው ደረጃ ላይ ነው? ማርኬቲንግ ሚክሱስ፣ ማለትም ምርት፣ ዋጋ፣ ስርጭትና ፕሮሞሽኑስ ምን ይሁን?” ይላል። መግቢያ፣ ዕድገት፣ ብስለትና ማሽቆልቆል የሚሉትን ስሞች ሁሉም ሸምድዶ ይገባል። ነጥብ የሚጠፋው ደረጃውን በመለየቱ ላይ ነው። በአፕል የሙዚቃ ማጫወቻ በአይፖድ እንሥራው።

1. መጀመሪያ ፍጥነቱን እዩ። ሽያጩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ “ዕድገት” ብላችሁ አትጻፉ። አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2004 የበጀት ዓመት 4.4 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ፣ በ2005 22.5 ሚሊዮን ደረሰ። ይሄ አምስት እጥፍ ነው፣ ዕድገት ማለት ይሄ ነው። በ2007 51.6 ሚሊዮን፣ በ2008 ደግሞ 54.8 ሚሊዮን ሆነ። ከፍተኛው ሽያጭ የ2008ቱ ቢሆንም ጭማሪው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መልሱ ብስለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚችው ጋ ነው።

2. ከዚያ ምርት፣ ዋጋ፣ ስርጭትና ፕሮሞሽንን አንድ በአንድ ከደረጃው ጋር አያይዙ። አይፖድ በ2001 ሲወጣ አንድ ሞዴል ብቻ ነበር፣ ዋጋው 399 ዶላር፣ የሚሠራውም ከማክ ኮምፒውተር ጋር ብቻ። ከፍ ባለ ዋጋ ጀምሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ይባላል ይሄ፤ መጀመሪያ የሚገዛው ዋጋ የማያስፈራው ሰው ስለሆነ ነው። ግን “በመግቢያ ደረጃ ዋጋ ሁልጊዜ ውድ ነው” ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ገበያውን ቶሎ ለመያዝ በርካሽ የሚገባም አለ።

በዕድገት ጊዜ ሁሉም ነገር ይሰፋል። ዊንዶውስ ለሚጠቀሙም ተከፈተ፣ በ2004 በ249 ዶላር አይፖድ ሚኒ፣ በ2005 በ99 ዶላር አይፖድ ሸፍል መጣ። ፕሮሞሽኑም “ይሄ ነገር ምንድን ነው?” የሚለውን ከማስረዳት ወደ “የእኛን ምረጡ” ይዞራል፣ ተፎካካሪ ስለበዛ።

ብስለት ላይ አዲስ ገዢ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ምርቱን በቀለም፣ በመጠንና በተጨማሪ አገልግሎት መለየት፣ ያለውን ደንበኛም ሞዴል እንዲቀይር ማድረግ ዋናው ሥራ ይሆናል።

3. ማሽቆልቆል ላይ “ምርቱን ከገበያ አውጡት” ብቻ አትበሉ። ሙዚቃው ወደ ስልክ ሲገባ አፕል ሁሉንም በአንዴ አላቆመም። ከአይፖድ ሞዴሎች ክላሲክን በ2014፣ ናኖና ሸፍልን በ2017፣ ተችን በ2022 አቆመ። ወጪ ቀንሶ የቀረውን ትርፍ መሰብሰብም መልስ ነው፣ ታማኝ ገዢ እስካለ ድረስ።

4. ለእያንዳንዱ ውሳኔ “ምክንያቱም” ብላችሁ ምክንያቱን ጨምሩ። “ዋጋ ይቀነሳል” ብቻ ግማሽ መልስ ነው፤ “ተፎካካሪ ስለበዛ ዋጋ ይቀነሳል” ግን ሙሉ መልስ ነው።