በስህተት ለደንበኛ የተመለሰ ብር፦ ከውጭ ሆነው ሱቅ ለሚያስተዳድሩ

ደሴ ላይ ሱቅ ኖሯቸው ዓረብ አገር ለሚኖሩ፣ ሂሳባቸውን ለምይዝላቸው ደንበኛዬ የጻፍኩት ደብዳቤ ነው። ስሞቹን ትቻለሁ።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በስልክ «ያንን ምዝገባ ዝም ብለህ አጥፋው፣ ሰውዬው ብሩን ሲመልስ እንደ ገቢ ያዘው» ብለውኝ ነበር። አብሽሩ፣ ብሩ አልጠፋም። ግን እንደዚያ ማድረግ አልችልም፤ ምክንያቱን ላስረዳዎት።

የሆነው እንዲህ ነው። የሐይቅ ከተማው ደንበኛ ፍሪጅ ገዝቶ 46,000 ብር በባንክ አስተላለፈ። ዋጋው 40,000፣ ቫቱ 15 በመቶ ስለሆነ 6,000 ነው። የዝውውሩን ስክሪንሾት እሱም ላከ፣ ወንድሙም ላከ። ሱቅዎ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ሁለት ክፍያ መስሎት «ትርፉን» 46,000 መለሰ። ሁለቱም ስክሪንሾቶች ላይ በFT የሚጀምረው የዝውውር ቁጥር አንድ ነው። ስቴትመንቱ ላይም የገባው ብር አንድ ብቻ ነው።

ከብሩ ይልቅ ያሳሰበኝ አመዘጋገቡ ነው። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ «የሽያጭ ተመላሽ» ብሎ ያዘው። ሲስተሙ ደግሞ የታዘዘውን አደረገ፦ ሽያጩን በ40,000፣ የሚከፈለውን ቫት በ6,000፣ ባንኩን በ46,000 ቀነሰ። ፍሪጁንም በ34,000 የመግዣ ዋጋው ወደ ስቶክ መለሰው። ፍሪጁ ግን ሐይቅ ነው፣ እየሠራ። ደንበኛው በእርግጥ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ቢሆን እንኳ ሽያጩ አይነካም ነበር፤ የሚመለሰው ትርፍ ብሩ ብቻ ነው።

ያወቅኩት በሁለት ነገር ነው። ስቶክ ካርዱ አራት ፍሪጅ ይላል፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሦስት ነው። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ የወር ሪፖርትም ከመዝገባችን ሽያጭ በ40,000 በለጠ። ደግነቱ ልጁ በማሽኑ የተመላሽ ደረሰኝ አልቆረጠም። ቆርጦ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከመዝገብ አልፎ ከግብር ቢሮ ጋር የሚያነጋግር ይሆን ነበር።

ታዲያ ለምን አላጠፋውም? ብሩ ከባንክ የወጣው በእውነት ነው። ምዝገባውን ካጠፋሁ ስቴትመንቱ ላይ 46,000 ወጪ አለ፣ መዝገቡ ላይ የለም። ነገ ኦዲተር ሲመጣ ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው የሚያሳይ ነገር አይኖርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምዝገባ እንዳለ ይቀመጣል። እኛ ሪቨርሲንግ ኢንትሪ የምንለውን፣ ተቃራኒውን፣ ከሥሩ እይዛለሁ፦ ዴቢት የነበረው ክሬዲት፣ ክሬዲት የነበረው ዴቢት ይሆናል። የመጀመሪያው ቫውቸር ቁጥርም ይጠቀስበታል። ሽያጩ፣ ቫቱና ስቶኩ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሙሉውን ስቀለብስ ባንኩም 46,000 ይጨምራል፤ እውነተኛው ባንክ ውስጥ ግን ያ ብር የለም። ስለዚህ ወዲያው ሁለተኛ ምዝገባ ይከተላል፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ በሐይቁ ደንበኛ ስም ዴቢት 46,000፣ ባንክ ክሬዲት 46,000። አሁን መዝገቡ እውነቱን ይናገራል፦ ሽያጩ አለ፣ ሰውዬው ዕዳ አለበት። ብሩን ሲያስገባ ባንክ ይጨምራል፣ ዕዳው ይዘጋል፣ ሽያጭ የሚባል ነገር አይነካም።

የተሳሳተውን ምዝገባ ሳንቀለብስ፣ የሚመለሰውን ብር እርስዎ እንዳሉት ገቢ ብንለውስ? የኅዳር ሽያጭ አንሶ ቫቱ በ6,000 ጎድሎ ይቀርባል። ሰውዬው በታኅሣሥ ሲከፍል ደግሞ ደረሰኝ የሌለው ሽያጭ ይፈጠራል። በዓመቱ ድምር ይካካሳል ይሉኝ ይሆናል፤ ቫት ግን ለግብር ቢሮ የሚቀርበው በየወሩ ነው፣ የጎደለው ወር ቅጣትና ወለድ ያመጣል። የኅዳሩ ገና ስላልቀረበ ሁለቱንም ምዝገባ በኅዳር 30 እይዛቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። «እስከዚያው እኔ 46,000 ልኬ ልሙላው» ብለዋል። መላክ ይችላሉ፣ ሱቁ የእርስዎ ነው። ግን በእርስዎ ሂሳብ፣ በባለቤት መዋጮ ይያዛል። ልጁ ደንበኛው የከፈለው አድርጎ ከያዘው የሰውዬው ዕዳ በወረቀት ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው የለም። ከላኩ በዚያው ቀን ይደውሉልኝ።

ለልጁም የነገርኩት አለ፦ ከእንግዲህ ብር ከመመለሱ በፊት ስቴትመንት ያያል እንጂ ስክሪንሾት አይቶ አይመልስም። ከ10,000 በላይ ከሆነ ደግሞ የዝውውር ቁጥሩን ለእርስዎ ልኮ ፈቃድ ይጠብቃል። መጠኑን ከፍ ዝቅ ማድረግ ከፈለጉ ይንገሩኝ። የሁለቱን ምዝገባዎች ቫውቸር ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፤ አይተው «እሺ» ብለው ይጻፉልኝ፣ ከፋይሉ ጋር አያይዘዋለሁ።