የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሠራተኞች በአንድ ክፍል ሲመሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው ዋና ሒሳብ ሹም፣ በአርባዎቹ ዕድሜ የምትገኝ ከፍተኛ ባለሙያ እና ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ጥቂት ዓመታት የሆናቸው ወጣቶች አብረው የሚሠሩበት የሒሳብ ክፍል በአዲስ አበባ የግል ድርጅቶች ዘንድ የተለመደ ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል አለመግባባት የሚነሣው አስተያየት እንዴት ይሰጣል፣ የማን ቃል ይጸናል፣ ከሥራስ በስንት ሰዓት ይወጣል በሚሉት ላይ ነው። ኃላፊዎች ነገሩን የትውልድ ጠባይ አድርገው ያልፉታል፤ እኔ ግን አብዛኛው ጠብ ኃላፊው ሳይወስን የተወውን ጉዳይ እያንዳንዱ ሠራተኛ በለመደው መንገድ ሲወስነው የሚፈጠር ነው ብዬ አምናለሁ።

የግለሰብን ስህተት በስብሰባ ላይ ማንሣት

ኃላፊው ግልጽነትን ለማስለመድ አስቦ በሰኞ ስብሰባ ላይ "ማንም የታየውን ይናገር" ሲል፣ ወጣቶቹ ቃሉን እንደ ወረደ ይቀበሉታል። አንጋፋዎቹ ግን ሌላ ነገር ያስታውሳሉ። በደርግ ዘመን የነበረው ሂስና ግለሂስ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተካሄደው ግምገማ፣ በሰው ፊት የተነገረ ጉድለት ሹመትን ወይም እንጀራን ሊያሳጣ እንደሚችል አስተምሯቸዋል። ስለዚህ ዝም ማለታቸው ግትርነት ሳይሆን የቆየ ጥንቃቄ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወጣቱ ሠራተኛ የወሩን የባንክ ማስታረቂያ ሲሠራ የመዝገቡ ቀሪ ሒሳብ ከባንኩ በ18,400 ብር አንሶ ያገኘዋል፤ ሲያጣራም ዋና ሒሳብ ሹሙ አንድ ቼክ ሁለት ጊዜ መዝግበውታል። ይህን በስብሰባ ላይ ሲናገር እርሱ ሥራውን በትጋት እንደሠራ ያምናል፣ እርሳቸው ደግሞ በልጆች ፊት እንደተዋረዱ ይሰማቸዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሥራ ማስረዳታቸውን ያቆማሉ። ወጣቱ በዚያው ቀን ሰነዱን ይዞ ወደ ጠረጴዛቸው ሄዶ "ጋሼ፣ ይህ ቼክ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ይመስለኛል፤ አብረን ብናየው?" ቢል ኖሮ ማስተካከያው በጥቂት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ለስብሰባው የሚተርፈው፣ ያለ ማንም ስም፣ ቼክ ከመመዝገቡ በፊት ቁጥሩ እንዴት ይመሳከር የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

ተቃራኒው ስህተት ብዙም ስለማይታይ ይበልጥ ይጎዳል። አንጋፋው ሠራተኛ የወጣቱን ስህተት ሲያይ ምንም ሳይናገር ራሱ ያስተካክለዋል፤ ይህን የሚያደርገው ላለማሳፈር ነው። ወጣቱ ሥራው ደህና መስሎት ስድስት ወር ይቆይና በአፈጻጸም ምዘናው ዝቅተኛ ነጥብ ሲያገኝ ሆን ተብሎ እንደተበደለ ያስባል። ሠራተኛው በምዘናው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ጉድለት ካለ፣ ችግሩ ከምዘናው ቀድሞ የነበረ መሆኑን ኃላፊው ሊረዳ ይገባል። መፍትሔው ያስተካከለ ሰው ሁሉ የታረመውን ሰነድ በእርሳስ አጭር ማስታወሻ ጽፎበት በማግስቱ ለባለቤቱ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ፊት ለፊት መናገር የሚከብደውም ሰው ይህን ለማድረግ አይቸገርም።

አክብሮትንና የውሳኔ ሥልጣንን መቀላቀል

አንዳንድ ኃላፊዎች የዕድሜን ተዋረድ ለማፍረስ ሁሉም ሰው በስሙ ብቻ እንዲጠራራ ያዝዛሉ። ይህ አላስፈላጊ ነው፤ ወጣቱ ዋና ሒሳብ ሹሙን "እርስዎ" ማለቱ ሥራን አይጎዳም፣ "አንተ" እንዲል መገደዱ ግን ሁለቱንም ያሸማቅቃል። ጉዳት የሚመጣው ዕድሜ ፊርማን ሲተካ፣ ወይም ፊርማ ሲዘለል ነው።

ወጣቷ ሠራተኛ አንድ አቅራቢ ክፍያ ዘገየብኝ ብሎ ሲጨቀጭቃት በቴሌግራም በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ ትጽፋለች፤ እርሱም በቅንነት "ይከፈል" ብሎ ይመልሳል። ዋና ሒሳብ ሹሙ ይህን ሲሰሙ አይጣሉም፤ "ከላይ ተፈቅዶ የለም እንዴ" ብለው ቫውቸሩን ሳይፈርሙ ያስቀምጡታል። ያልተፈረሙ ቫውቸሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ እየተከመሩ ከሄዱ፣ ከሰነፍ ሠራተኛ ይልቅ የተዘለለ ሰው መፈለግ ይሻላል። ሥራ አስኪያጁ መመለስ የነበረበት "ዋና ሒሳብ ሹሙ አይተውታል?" ብሎ ነበር።

በክፍያ ቫውቸር ግርጌ የሚገኙት "ያዘጋጀው"፣ "ያረጋገጠው" እና "ያጸደቀው" የሚሉት ቦታዎች ለዚህ በቂ መሠረት ናቸው። እስከ ስንት ብር ማን እንደሚያጸድቅ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይሰጥ፤ አረጋጋጩም ሰነዱ ከደረሰው ጀምሮ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈርም ወይም ያልፈረመበትን ምክንያት ይጻፍ። ወጣቷ ወደ ላይ መጻፍ የምትችለው ይህ ጊዜ ሲያልፍ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ካወቀ፣ መጻፏ እንደ ንቀት አይቆጠርም።

አምሽቶ መቆየትን የትጋት መለኪያ ማድረግ

የሥራ ሰዓቱ ከጧቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ነው እንበል። አንጋፋዎቹ ወር ሲዘጋ እስከ ምሽቱ 2፡30 ይቆያሉ፤ ወጣቶቹ በ11፡30 ቦርሳቸውን ያነሣሉ። ኃላፊው ምንም ባይናገር እንኳ የቆዩትን ብቻ ሲያመሰግን ፍርዱን ሰጥቷል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሠራ ክፍያው ቢያንስ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራና ወርሃዊ ደመወዙ 20,800 ብር የሆነ ሠራተኛ፣ በተለመደው ስሌት ለ208 ሲካፈል የሰዓት ክፍያው 100 ብር ስለሚሆን፣ ሦስት ሰዓት ቢያመሽ 450 ብር ይገባዋል። ይህን ሳይከፍሉ ወጣቱን ግዴለሽ ማለት ተገቢ አይደለም። ዋና ሒሳብ ሹሙ የሥራ መሪ ተብለው የተመደቡ ከሆነ ግን አዋጁ እርሳቸውን ስለማይመለከት፣ የእርሳቸው ማምሸት ለሌሎቹ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

አዋጁ ትርፍ ሰዓትን የሚፈቅደው እንደ አስቸኳይ ሥራ ላሉ ምክንያቶች ነው፤ በየወሩ በታወቀ ቀን የሚመጣን የሒሳብ መዝጊያ አስቸኳይ ለማለት ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ማደላደል ይሻላል። የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ፣ በሌሎቹ ቀናት ላይ በቀን ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ ጨምሮ ማከፋፈል በሕጉ ይቻላል። ማስታረቂያውን ወሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ በየሳምንቱ መሥራትም የመጨረሻዎቹን ቀናት ጫና ይቀንሳል፤ ወጣቶቹ ይህን ቀድመው ሲጠይቁ፣ አንጋፋዎቹ ደግሞ የትኛው አቅራቢ ደረሰኝ እንደሚያዘገይ ያውቃሉ።

ታናሽን በታላቅ ላይ ሲሾሙ ዜናውን በስብሰባ ማሰማት

ይህ ስህተት አጭር ቢሆንም ጠባሳው ይቆያል። አንጋፋው ሠራተኛ ሹመቱን ከሌሎች ጋር እኩል እንዲሰማ ማድረግ ሳይሆን፣ ቀደም ብሎ ለብቻው ጠርቶ ምክንያቱን መንገር፣ የትኛው ውሳኔ ወደ አዲሱ ኃላፊ እንደሚሄድና የትኛው በእጁ እንደሚቀር ማሳወቅ ይገባል። ለተሾመው ወጣትም እንዲሁ ለብቻው ሊነገር የሚገባ ነገር አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአንጋፋውን ሥራ ሲያርም በራሱ አንደበት እንዲነግረው እንጂ በሌላ ሰው እንዳይልክበት።